ከወረታ እስከ ደጀን፦ የአንድ ሌሊት ማስታወሻ

ወረታ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት 2007 ዓ.ም.

ሽንኩርት የሚጭን አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። የፎገራን ምርት ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሱ ሹፌሮች እንዴት እንደሚያድሩ ለመጻፍ ነው የመጣሁት፤ የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ሲመሽ ይቆሙ ነበር፣ ሌሊቱ የጭነት መኪና ነበር። ሹፌሩ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ለሰው አክብሮት ያለው። «ጋሼ፣ እግርዎ እንዳይጨናነቅ» ብሎ የረዳቱን ፌስታል ከሥሬ አነሳልኝ። ረዳቱ ከእሱም ያንሳል፤ ማዳበሪያውን ከተሸካሚዎች ጋር እየቆጠረ ይጮኻል።

ሊብሬው ላይ ሃምሳ ኩንታል ይላል። እኔ ቆሜ ሳይ ግን ሰባ አለፈ። ነጋዴው በኩንታል ነው የሚያተርፈው፣ ሹፌሩ ደግሞ በቢያጆ ነው የሚከፈለው፤ ሁለቱንም የሚያቻኩላቸው በዚያን ጊዜ ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ነው። ገበያው የሚደራው ከንጋት በፊት ነው። የቀደመ መኪና በጥሩ ዋጋ ያራግፋል፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ የደረሰ የተረፈውን ዋጋ ይቀበላል። ሽንኩርት ደግሞ ሸራ ሥር ታፍኖ ዝናብ ከነካው ከሥር መበስበስ ይጀምራል።

ሒሳቡን ሲሠራ አጠገቡ ነበርኩ። እሁድ ከአዲስ አበባ ባዶውን ሲመጣ በአሥራ አንድ ሰዓት ጉዞ ወረታ ገብቷል። «ሌሊት መንገዱ ባዶ ነው፣ አህያም ጋሪም የለም። አንድ ሰዓት እቆርጥለታለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከተነሣን አሥር ሰዓት ሌሊት አትክልት ተራ ነን» አለ። መንገዱ 620 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ቁጥር ያወጣው ግን መኪናው ባዶ በሆነበት፣ አስፋልቱ በደረቀበት፣ ፀሐይም በወጣችበት ቀን ነው። ዛሬ ማታ ከሦስቱ አንዱም የለም። የወሩ የመጀመሪያ ዝናብ ትናንት ማታ መጣል ጀምሯል፤ ወራት ሙሉ ናፍጣና አቧራ የጠጣ አስፋልት መጀመሪያ ሲረጥብ ከሁሉም ጊዜ ይበልጥ ያንሸራትታል።

ከሒሳቡ ውስጥ ፈጽሞ ያልገባ ሌላ ነገር አለ። እሁድ ሌሊት ጎማ ሲያስለጥፍና ከነጋዴው ጋር ሲከራከር አምሽቶ፣ ጋቢና ውስጥ የተኛው ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ይህን ረዳቱ ነገረኝ። ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነቅቷል።

ከወረታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን።

ባሕር ዳር

ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። ነዳጅ ሞላ፣ ጫት ገዛ፣ ለውዝና ውኃ ጨመረበት። ግማሽ ሰዓት ቆመን ነበር፤ ያን ግማሽ ሰዓት ዓይኑን ጨፍኖ ቢያሳልፈው የሌሊቱ ታሪክ ሌላ በሆነ እላለሁ። ለመተኛት ግን አላሰበም። ጫት ላይ ያሉ ሹፌሮች ሁሉ የሚሉትን አለኝ፦ «እንቅልፍ የሚባል አይመጣም፣ ጋሼ።»

እውነቱን ነው፣ ለጊዜው አይመጣም። ጫት የድካምን ስሜት ያባርራል፤ ድካሙን ግን አያባርርም። ሰውነት ያልተኛውን እንቅልፍ እንደ ዱቤ ይዞ ያቆየዋል፤ ምርቃናው ሲበርድ ሁሉንም በአንድ ላይ ይጠይቃል። አደገኛው ነገር የሚበርድበት ሰዓት ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የተጀመረ ጫት ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ይከዳል፤ የሰው ሰውነት ደግሞ፣ ምንም ባይቅም፣ ንቃቱ ወደ መጨረሻው የሚወርደው በዚያው ሰዓት ነው።

እንጅባራ

አምስት ሰዓት ተኩል። ከዳንግላ ጀምሮ ዝናብ ነው፣ እንጅባራ አጠገብ ደግሞ ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። 117 ኪሎ ሜትሩን በሦስት ሰዓት ነው የመጣነው። ሹፌሩ ግን «ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው፣ አካክሰዋለሁ» አለ። ማካካስ የሚለውን ቃል በዚያ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ በሰማሁት ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። አጭሩ መብራት ጉም ውስጥ ከዚያ ብዙም አልፎ አያሳይም። ስለዚህ ሹፌሩ ያየውን ሳይሆን የሚገምተውን መንገድ ነው የሚነዳው። አንድ ቦታ ላይ አስፋልቱ መሐል የተደረደሩ ድንጋዮች መብራታችን ውስጥ ድንገት ብቅ አሉ። የተበላሸ መኪና የነበረበት ሰው ምልክት ብሎ ደርድሯቸው፣ መኪናውን ጠግኖ ሲሄድ ትቷቸዋል። በአገራችን መንገድ ላይ ይህ ልማድ የሚያስቆጣኝን ያህል የሚያስቆጣኝ ነገር ጥቂት ነው። ሹፌራችን መሪውን ነቀነቀ፣ የኋላ ጎማችን አንዱን ድንጋይ ፈንጥቆ አለፈ። ረዳቱ ሳቀ። ሹፌሩ አልሳቀም፤ ላብ በግንባሩ ላይ አየሁ።

ፍኖተ ሰላም እና ከዚያ ወዲያ

ሰባት ሰዓት ላይ ፍኖተ ሰላምን አለፍን። እስከዚያ ድረስ ስለ እናቱ፣ ሊገዛ ስለሚያስበው የራሱ መኪና፣ ስለ ነጋዴው ንፍገት ሲያወራኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ወሬው አጠረ፣ ቀጥሎም ቆመ። ደብተሬን አውጥቼ ያየሁትን መጻፍ ጀመርኩ፣ ምክንያቱም ነገሩ በዓይኔ ፊት እየሆነ ነበር።

ፍጥነቱ ያለ ምክንያት ይወርዳል፤ ሲነቃ ድንገት ይጨምራል። ከፊት መኪና ሲመጣ ረጅሙን መብራት ዝቅ የሚያደርገው ሌላው ሹፌር ሁለት ሦስት ጊዜ ካብለጨለጨበት በኋላ ነው። የቀኝ ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ እየነካ ጠጠር ያስጮኻል። መስኮት ከፈተ፣ ፊቱን በውኃ አራሰ፣ ቴፑን ከፍ አደረገ። እያንዳንዱ የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቅዝቃዜውንም ጩኸቱንም ጆሮና ቆዳ ወዲያው ይለምዱታል።

ከዚያ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው ያስፈራኝ።

«ጋሼ፣ ደምበጫን አለፍን?»

ደምበጫን ካለፍን ግማሽ ሰዓት ሆኖናል። በከተማዋ መሐል፣ የበራ መብራትና የቆሙ መኪኖች መሐል፣ ራሱ ነድቶ አልፏል። ዓይኑ ተከፍቶ ነበር፣ እጁ መሪ ላይ ነበር፣ አእምሮው ግን ምንም አልመዘገበም። ሰው መተኛቱን የሚያውቀው ሲነቃ ነው፤ ሦስት አራት ሰኮንድ ብቻ የሚቆይ እንቅልፍ ሲሆን ግን መንቃቱን ራሱ አያውቀውም።

«አልፈናታል፣ ቆይተናል። እስቲ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሰዓት ጋደም በል» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ደክሞኝ አይደለም። ዝናቡ ነው ያሰለቸኝ» አለ። እየዋሸኝ አልነበረም። የደከመ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ድካሙን የሚለካበትን ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የሚያሳየው የዝግታና የስህተት መጠን፣ በብዙ አገሮች ሹፌር የሚቀጣበትን ያህል አልኮል በደሙ ውስጥ ካለ ሰው ጋር እንደሚተካከል አሳይቷል። አንድ ቀን ሙሉ ሲሆን ስካሩ እጥፍ ያህል ይሆናል። የእኛ ሹፌር አሥራ ሰባተኛውን ሰዓት የጨረሰው ገና ዳንግላ አካባቢ ነው።

ደብረ ማርቆስን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳንቆም አለፍናት።

ደጀን

አሥር ሰዓት ላይ፣ አትክልት ተራ እንደርሳለን ባለበት ሰዓት፣ ሉማሜ ነበርን። አሥር ተኩል ላይ ደጀን ገባን። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ 229 ኪሎ ሜትር ይቀራል፣ ከዚያም ውስጥ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህሉ የዓባይ በረሃ ነው፤ ከደጀን ወደ ድልድዩ መውረድ፣ ከድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት። የተጫነ አይሱዙ ይህን ሁሉ ከአምስት ሰዓት ተኩል ባነሰ አይጨርሰውም። ስለዚህ ያ ሌሊት ለገበያው አልቋል። በደጀን የሚያስቸኩል ነገር አልቀረም ነበር፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ቢጠብቅ ይነጋል፣ ሽንኩርቱም ያው የረፋዱን ዋጋ ነው የሚያገኘው። ይህን ለማወቅ አንድ መቀነስ ይበቃል። እሱ ግን መቀነስ አልቻለም። ከወረታ ይዞት የተነሣው «መቅደም» የሚለው ሐሳብ፣ ምክንያቱ ከጠፋ በኋላም፣ ብቻውን መሪውን ይዞ ነበር።

ሻይ ቤቱ በር ላይ ስድስት ሰባት የጭነት መኪኖች ቆመዋል። ሹፌሮቹ ጋቢና ውስጥ ተኝተዋል። ከነቁት አንዱ፣ ስድሳ ዓመት ሳይሞላው የማይቀር፣ ተሳቢ የሚነዳ ሰው፣ ጋቢ ተከናንቦ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ልትወርድ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ገበያ አለብኝ።»

«ታች ዘንቧል። ከላይኛው ኩርባዎች በታች መንገዱ እንደገና ተቀምጧል ይላሉ። ሲነጋ አብረን እንወርዳለን፣ ሄደህ ተኛ።»

«መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ጋሼ።»

«መንገዱን ማወቅህ ምን ያደርጋል፣ መንገዱ የትናንቱ አይደለም እኮ!»

ሽማግሌው ያሉት ቃል በቃል እውነት ነው። የዓባይ ሸለቆ መንገድ ይንቀሳቀሳል። ከላይ ጥቁር ባዛልት አለ፤ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይ፣ የጂፕሰምና የሸክላ ንጣፎች ተደራርበዋል። ከላይ እየተናደ ተዳፋቱን የሸፈነው አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይላላል፣ ከነአስፋልቱ ወደ ታች ይንሸራተታል። የጃፓን መንግሥት በሰጠው እርዳታ መንገዱ ተሻሽሏል፤ 2001 ዓ.ም. ሲጠባ የህዳሴ ድልድይም ተከፍቷል። ድልድዩ ቆሟል፣ ተዳፋቱ ግን በየክረምቱ አንዱን ቦታ ያጎድጣል፣ ሌላውን ያሳብጣል። ባለፈው ሳምንት ቀጥ ያለ የነበረ መታጠፊያ ዛሬ ወደ ገደሉ ሊያዘነብል ይችላል።

ረዳቱ ወደ እኔ አየ። እኔ ደግሜ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ፈርተው ከሆነ እዚህ ይቆዩ፣ አልቀየምም» አለኝ፣ በእውነተኛ ደግነት። ልጆቹን ትቼ መቅረት አልሆንልህ አለኝ፤ ወጣሁ።

ቁልቁለቱ

ከደጀን እስከ ድልድዩ መኪናው በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሰባ ኩንታል ጭነትና የመኪናው የራሱ ክብደት ሲወርዱ የሚያመጡት ጉልበት አንድ ቦታ መግባት አለበት። ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ለዚህ ነው የዓባይ ሹፌሮች ሁሉ በሚወጡበት ማርሽ የሚወርዱት። ሽማግሌው በሁለተኛ ነው የሚወርዱት፤ ሞተሩ እያጉረመረመ መኪናውን ይይዘዋል፣ ፍሬኑን የሚነኩት ኩርባ ላይ ብቻ፣ አጥብቀው፣ ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከዚያ ለቀው ያበርዱታል።

የእኛ ልጅ በአራተኛ ገባ። የጭስ ማውጫውን አፍኖ ሞተሩን የሚያዘገየው ረዳት ፍሬን ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ ባለንብረቱ «በሚቀጥለው ቢያጆ» እያለ አቆይቶታል። ስለዚህ ያለው የእግር ፍሬን ብቻ ነው። እግሩንም ከፔዳሉ ላይ አላነሳም፤ ቀስ አድርጎ ረግጦ ይዞት ወረደ። ለተሳፋሪ ይህ ረጋ ያለ አነዳድ ይመስላል። ለፍሬን ሸራ ግን ከዚህ የከፋ የለም፤ ታምቡሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተነፍስ ይጋላል።

አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደወረድን ሽታው መጣ። የተቃጠለ ጎማና የተቃጠለ ፀጉር መሐል ያለ፣ አፍንጫን የሚቆርጥ ሽታ። ረዳቱ «ፍሬን ሸተተ» አለ። በዚያ ሰዓት ገና ጊዜ ነበር። ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ማርሽ ቀንሶ፣ ዳር ይዞ ቆሞ፣ ጎማው ሥር ታኮ አስገብቶ፣ ግማሽ ሰዓት ማብረድ ይቻል ነበር። ውኃ አይደፋበትም፤ የጋለ ታምቡር በቀዝቃዛ ውኃ ይሰነጠቃል። ልጁ መስኮቱን ዘጋ። «የሌላ መኪና ነው» አለ።

ቀጥሎ የሆነውን ከሰኮንድ ወደ ሰኮንድ ማስታወስ ይከብዳል። መንገዱ ያበጠበት ቦታ ላይ ጋቢናው አንዴ ወደ ላይ ወረወረን። የሹፌሩ ጭንቅላት ወደ ፊት ወድቆ አየሁት፤ ሲወድቅም፣ ከወደቀ በኋላም እጁ አልተንቀሳቀሰም። ረዳቱ ስሙን ጠርቶ ጮኸ። ነቃ፤ ከፊታችን ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ አለ፣ ከኩርባው ወዲያ ጨለማ ብቻ ነው። ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ አልሰመጠም፣ ደንድኖ ቆመ፤ መኪናው ግን አልዘገየም። ደግሞ ረገጠ። ከዚያ በእንቅልፍ ልብ ሊደረግ የማይገባውን አደረገ፤ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ሊያወርድ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ነቀለ። በዚያ ፍጥነት ሦስተኛ አልገባ አለ፣ ተንገጫገጨ። አራተኛም አልመለስ አለ። መኪናው ፎሌ ሆነ። አሁን የሚይዘው ምንም ነገር የለም።

ያዳነን መሪው ነው። በስተግራ፣ ከኩርባው ውስጠኛ በኩል፣ ተራራው ተቆርጦ ግድግዳ ሆኗል፣ ከሥሩም የውኃ መውረጃ ቦይ አለ። ከፊት የሚመጣ መብራት አልነበረም። መኪናውን በሌላው ረድፍ ላይ አሻግሮ ወደ ግድግዳው ወሰደው። ጎኑን አለቱ ላይ እየፋቀ፣ የግራ ጎማዎቹ ቦዩ ውስጥ ገብተው፣ ረጅም ርቀት ሄዶ ቆመ። ቆሞም ወደ ግራ ተጋደመ። ሸራው ተቀደደ፣ ሽንኩርቱ አስፋልቱን እየተንከባለለ ወረደ።

በዚያች ቅጽበት የወሰነው ውሳኔ ትክክል ነበር፤ ይህን መጻፍ አለብኝ። ገደልና ግድግዳ ሲቀርቡለት ግድግዳውን መረጠ። ሌሊቱን ሙሉ ካደረጋቸው ምርጫዎች ነቅቶ ያደረገው ያ ብቻ ይመስለኛል።

ሲነጋ

የረዳቱ ክንድ ከአንጓው በላይ ተሰብሯል። ሹፌሩ ግንባሩ ተሰንጥቋል፤ እኔ የጎድኔ ሕመም እንጂ ሌላ የለኝም። ሽማግሌው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረሙ ወርደው አገኙን። ከላይም ከታችም ቅጠል ጣሉ፣ ሌላ መኪና አስቁመው ረዳቱን ወደ ደጀን ጤና ጣቢያ ላኩት። ከዚያ ወደ ልጁ መጡ። ስለ ፍሬኑ ይጠይቁታል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«መቼ ነው የተኛኸው?»

ልጁ አፉን ከፍቶ ዝም አለ። መቁጠር ጀመረ፣ በጣቱ። እሁድ፣ ሰኞ። ቁጥሩ ጠፋበት። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣሉለት።

ጉዳዩን ሊመዘግብ የመጣው ፖሊስ ሹፌሩን ምን እንደሆነ ጠየቀው። «ፍሬን እምቢ አለኝ» አለ። ፖሊሱ ጋቢና ገብቶ ፔዳሉን ረገጠ፤ ፍሬኑ ያዘ። ዘይት አልፈሰሰም፣ ቱቦ አልተቆረጠም። ልጁን ቀና ብሎ አየው፣ እንደሚዋሽ ሰው። ግን አልዋሸም። በሙቀት የከዳ ፍሬን ሲበርድ ይመለሳል፤ ለዚህ ነው በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ሹፌር እውነቱን ተናግሮ የማይታመነው። ከደጀን የመጣው መካኒክ ከሰዓት በኋላ የቀኝ የፊት ጎማውን ሲፈታ ነገሩ ታየ። የፍሬን ሸራው ፊት ተቃጥሎ ያብረቀርቃል፣ በጥፍር ቢጭሩት ዱቄት አይወጣውም። ታምቡሩ ውስጡ ሰማያዊ ቀለም አውጥቷል፣ ስስ ስንጥቆችም አሉበት። መካኒኩ ለፖሊሱ በጣቱ አሳየው፣ ፖሊሱም ጻፈ፦ የፍሬን ብልሽት።

ጽሑፉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ባለንብረቱ ያንን ወረቀት አንብቦ ሸራና ታምቡር ይቀይራል፣ በሚቀጥለው እሁድም ያንኑ ልጅ ያንኑ መንገድ ይልከዋል። ፖሊሱን ለብቻው ጠርቼ ደብተሬን አሳየሁት፤ የሦስት ሰዓት እንቅልፉን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ጀምሮ መንቃቱን፣ የደምበጫውን ጥያቄ፣ አራተኛውን ማርሽ፣ የተበላሸውን ረዳት ፍሬን። በጥሞና አነበበ። «ይህን የምጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም፣ ጋሼ» አለኝ። ጥቂት አሰበና ቅጹን ገልብጦ፣ በጀርባው በእጁ ጽሑፍ፣ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ገለበጣቸው። ልጁንም አስጠርቶ አነበበለት፣ ልጁም «ልክ ነው» ብሎ ፈረመ።

ሽንኩርቱ ግማሹ ደጀን ላይ በማዳበሪያ ተሸጠ፣ ግማሹ በሌላ መኪና ሄደ። ረዳቱ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ማታውን ወጣ። መኪናው በሦስተኛው ቀን ተነሣ፤ ሽማግሌው እንደገና በዚያ ሲያልፉ አገኙት፣ ረፋድ ላይ ወረዱ፣ ልጁም በሁለተኛ ማርሽ ከኋላቸው ተከተለ።